ሙቀጫው አንዴ ብቻ ሲሰማ

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» እያልን የምናወራው ብዙ ሆነን አይደለም። ጋዜጠኝነት ተምራ የጨረሰች አንዲት ልጅ ነን። «እኔ» ብሎ መጻፍ ያሳፍረናል። ለምን እንደሚያሳፍረን ወደ መጨረሻው ራሱ ይወጣል፤ እስከዚያው «እኛ» ይሁን።

ነገሩ የጀመረው ለሬዲዮ አጫጭር ድራማ የምታዘጋጅ ጓደኛችን «ሁለት ሰው ብቻ ያሉበት፣ ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ትዕይንት ጻፊልኝ» ያለችን ዕለት ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበራት፤ ሁለቱም የሚሰማቸውን እንዳይናገሩ፣ አድማጩ ግን እንዲሰማው። ቀላል መሰለን። ምክንያቱም እንደዚያ ዓይነት ወሬ እየሰማን ነው ያደግነው። የተወለድነው ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የቡና ከተሞች በአንዷ ነው። በእኛ ሰፈር ሰው የልቡን በቀጥታ የሚናገረው ወይ ሲጣላ ወይ ሊሞት ሲል ነው። በቀረው ጊዜ የሚወራው ስለ ቡና ነው።

ታሪኩን ቶሎ አገኘነው። ሰሚራ የምትባል ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ትሠራ ነበር። ጋዜጣው ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል፤ ለአባቷ አልነገረችም። አባቷ ደግሞ ቡና ገበሬ ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለውን ቡና ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ለልጁ አልነገራትም። ቡና በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፤ ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። ዕዳ ያለበት ሰው ይህን ስሌት ለመሥራት ወረቀትና እስክሪብቶ አያስፈልገውም። እንግዲህ ሰሚራ በህዳር፣ ቀዩ ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ለእረፍት ነው ብላ ትመጣለች። አባትና ልጅ ቡና ይጠጣሉ። ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በአንድ ምሽት ጨረስነው። እንዲህ ይል ነበር፦

ሰሚራ፦ አባ፣ ቡናውን መንቀልዎ ልቤን ሰብሮታል።

አባት፦ እኔም አዝኛለሁ ልጄ። ግን አላዋጣኝም። ላንቺ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?

ሰሚራ፦ እኔም የደበቅኩዎት ነገር አለ። ሥራ ፈትቻለሁ።

ጓደኛችን አነበበችውና «ይኼ እኮ ስብሰባ ነው፤ የጎደለው ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ብቻ ነው» አለችን። ተቀየምናት። በማግስቱ ግን እውነቷን መሆኑ ገባን። እንዲህ መናገር የሚችል አባት ቢሆን ኖሮ፣ ቡናውን የነቀለ ሳምንት ደውሎ ይነግራት ነበር። በሦስት መስመር ሁሉም ነገር ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ለሚቀሩት አራት ደቂቃዎች አልቃሻ ሙዚቃ ካላስገባን በቀር የሚደረግ ነገር አልነበረም።

የረሳነው ነገር አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰው ቢናገር ምን ያጣል? ጥያቄውን ለሁለቱም መለስንላቸው። አባትየው ለዓመታት «ያስተማረሽ ይህ ቡና ነው» እያለ ነው ያሳደጋት። ነቀልኩት ካለ «ለምን?» ትለዋለች። ለምን የሚለውን ከመለሰ ዕዳው ይነሳል፤ ዕዳው ከተነሳ የመጨረሻው ዓመት የትምህርት ወጪዋ ይነሳል። ስለዚህ እውነቱን መናገር ማለት ልጁን ጥፋተኛ ማድረግ ነው። ልጅቱ ደግሞ ሥራ የለኝም ካለች፣ ቡናው የተነቀለው ለከንቱ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ዝም የሚሉት ፈርተው ብቻ አይደለም። አንዱ ቢናገር የሚቆስለው ሌላው ነው። ይህን ካወቅን በኋላ «ለምን አይነጋገሩም?» የሚል አድማጭ አያስፈራንም።

ሁለተኛውን ረቂቅ ስንጽፍ ደግሞ ወደ ሌላው ጥግ ሄድን። «እንዴት ነው አገሩ?»፣ «ደህና ነው»፣ «ማታ ማታ ይበርዳል»፣ «አዎ ይበርዳል»። አንድ ገጽ ሙሉ እንዲህ ሄደ። እኛ እያንዳንዷ «ደህና ነው» ውስጥ ያለውን ሐዘን እየሰማን አይናችን እንባ አቅርሮ ነበር። ጓደኛችን ግን «እነማን ናቸው? መኪና የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው?» አለች። አልተሳሳተችም። ሐዘኑ ያለው እኛ ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የተደበቀ ነገርና የሌለ ነገር ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። አድማጩ የሆነ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ካላወቀ መደበቁን ሊያውቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ከሩሲያ እርዳታ መጣ። አንቶን ቼኮቭ ከመሞቱ በፊት የጻፈው የመጨረሻ ተውኔት «የቼሪ አትክልት ስፍራ» ነው፤ ሞስኮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የወጣው በጥር 1904 እ.ኤ.አ. ነው። (እንግሊዝኛ የቡናንም ቀይ ፍሬ ቼሪ ነው የሚለው። እኛም ያነበብነው በዚሁ ስህተት ተስበን ነው ብንል ውሸት አይሆንም።) በመጨረሻው ክፍል ሎፓኪንና ቫርያ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ይቀራሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ሎፓኪን ሊያገባት እንደሚጠይቃት ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ ኖሯል። እንዲያውም ከደቂቃ በፊት የቫርያ አሳዳጊ እናት «አሁኑኑ ጠይቃት» ብላው፣ እሺ ብሎ፣ ሌላው ሁሉ ወጥቶላቸዋል። ቫርያ ትገባና ጓዝ መሐል የጠፋባትን ዕቃ የምትፈልግ ትመስላለች። ወዴት እንደምትሄድ ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች። እሱም ወዴት እንደሚሄድ ይነግራታል። ስለ ብርዱ ያነሳል። ቴርሞሜትራቸው ተሰብሯል ትለዋለች። በዚህ መሐል ከውጭ ሰው ይጠራዋል፤ ጥሪውን ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ፈጥኖ ይወጣል። ቫርያ መሬት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ጋብቻ የሚል ቃል በሁለቱ መሐል አልተነሳም።

ስለ ብርድ ነው የሚያወሩት፤ ልክ እንደ እኛ ሁለተኛ ረቂቅ። ልዩነቱ ተመልካቹ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉን ማወቁ ነው። ጥያቄው እንደሚቀርብ ተነግሮታል፤ ስለዚህ ስለ ቴርሞሜትር የሚወራበት እያንዳንዱ ሰከንድ ያላለቀ ጥያቄ ይሆንበታል። ሌላም ነገር አለ። ቫርያ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ ዕቃ እየፈለገች ነው። እጇ ሥራ ስላለው አፏ መሸሸጊያ አገኘ። የእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው፣ ይህን ያውቅበታል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን የሚያገኛት ሊያስተምራት ነው። ትምህርቱ መጋረጃቸው ነው፤ ግን እውነተኛ ትምህርት ነው፣ ሰው ቢገባ የሚያየው ፊደልና መጽሐፍ ነው። መሸሸጊያው ራሱ እውነተኛ ጉዳይ ካልሆነ አይሸፍንም።

የእኛን እውነተኛ ጉዳይ ሩቅ መፈለግ አላስፈለገንም። ቡና ማፍላት አለ። ቡና ለትዕይንት የሚመች የራሱ ሰዓት አለው። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በዚያው ቡና ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሚፈላ ስኒው እየቀጠነ ይሄዳል። አድማጩ በረካ ሲባል ጊዜው እንዳለቀ ያውቃል፤ «ሊለያዩ ነው፣ አሁን ካልተባለ መቼም አይባል» የሚለውን እኛ መናገር የለብንም።

ችግሩ ግን ቡና ለሁለት ሰው አለመሆኑ ነው። እኛ አገር ቡና ተቆልቶ ጎረቤት ካልተጠራ ሰው ይቀየማል። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቡና ከጠጡ፣ የጅማ አድማጭ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ምን ሆነው ነው?» ነው። ይህን ባንፈታው ትዕይንቱ ገና ሳይጀመር ይወድቅ ነበር። ሰፈሩን በሙሉ፣ እናትየውን ጨምረን፣ ለቅሶ ላክነው። ቆይቶ ጠቀመን። ከለቅሶ የሚመለሱት ሰዎች በሩን ሲያንኳኩ፣ ሎፓኪንን ከውጭ እንደጠራው ድምፅ ሆኑልን።

ቀጥሎ መውጫ ቀዳዳ መፈለግ ነበረብን። ሁሉንም የደበቀ ትዕይንት የሞተ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ ማፍሰስ አለበት። በሬዲዮ ፊት አይታይም፤ ስለዚህ የሚያፈሰው ነገር መሰማት አለበት። ቡና ገበሬ ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው አንድ ድምፅ አለ። ለቤት የሚጠጣው ቡና የሚቀመጠው ከነልባሱ ደርቆ ነው፤ ጀንፈል ይባላል። ስለዚህ ሙቀጫው ሁለቴ ይሰማል። መጀመሪያ ጀንፈሉ ተወቅጦ ገለባው ይበጠራል፤ ከተቆላ በኋላ ደግሞ እንደገና ይወቀጣል። ቡና ከሱቅ የሚገዛ ቤት ግን የሚወቅጠው አንዴ ነው፤ የተቆላውን። የመጀመሪያው ወቀጣ ባለበት ቦታ የፌስታል ኮሽታ ካስገባን፣ ቡና ገበሬው ቡና ገዝቷል ማለት ነው። ማንም ምንም ሳይናገር ጓሮው ተነገረ።

የመጨረሻውን መሣሪያ የሰጠን አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ «ዩ» ይዞ ነው የሚኖረው፤ እኛ ግን አፋችንን በከፈትን ቁጥር አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ብለን ካልመረጥን ግስ እንኳ መዝጋት አንችልም። ሰሚራ ልጅ ሆና አባቷን «አንተ» ነበር የምትለው። ከተማ ገብታ ስትማር «እርስዎ» ጀመረች። ሰው ሁሉ ጨዋነት ነው ይላል፤ ርቀትም ነው። እርስዎ የሚባል ሰው በቀላሉ አይጠየቅም። አባትየው ደግሞ የሁላችንም አባቶች የሚያደርጉትን ያደርጋል፤ ሆዱ ሲባባ ሴት ልጁን በወንድ አንቀጽ ያቆላምጣታል። እንግዲህ ሁለቱም በሚፈስሱበት ሰዓት ወደ አንድ ቃል ነው የሚመጡት፤ ወደ «አንተ»። ይህን ስናገኝ ከወንበራችን ተነሳን።

አድማጩ ምን ያህል ይወቅ የሚለውን እንዲህ ከፈልነው። የልጅቱን ምሥጢር አስቀድመን ሰጠነው፤ የአባቱን ከእሷ ጋር እንዲያገኘው ተውንለት። ስለዚህ ከትዕይንቱ በፊት ሰሚራ ሚኒባስ ውስጥ ሆና ለጓደኛዋ ትደውላለች። «ሁለት ወር ሙሉ አልነገርኩትም፤ አሁንም የምነግረው አይመስለኝም» ትላለች። ቀጥላ «የሙቀጫው ድምፅ ናፍቆኛል፤ እኛ ቤት እኮ ሁለቴ ነው የሚወቀጠው፣ አንዴ ጀንፈሉ፣ አንዴ የተቆላው» ትላለች። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ይህ ይመጣል፦

ሰሚራ፦ አባ፣ ጀንፈሉ የት ነው ያለው? ልውቀጥ።

አባት፦ ተወቅጧል። መደቡ ላይ አለልሽ።

(የፌስታል ኮሽታ። ቋጠሮ ሲፈታ።)

ሰሚራ፦ እማዬ ናት የወቀጠችው?

አባት፦ ዕጣኑን አይተሽዋል? ትናንት ነው ያመጣሁት።

ሰሚራ፦ አየሁት። ጥሩ ዕጣን ነው።

(ቡና ሲታጠብ። ምጣድ ላይ ሲፈስ፣ ሲቆላ።)

አባት፦ ጋዜጣሽስ?

ሰሚራ፦ እሳቱ በዛ መሰለኝ።

አባት፦ ቀንሺዋ። ባለፈው መምህሩን ልኬው ነበር፤ ጅማ ስትወርድ የልጄን ጋዜጣ ግዛልኝ ብዬ። አጣሁት አለኝ።

ሰሚራ፦ እዚህ ድረስ አይመጣም፣ አባ። ማመላለሻ የላቸውም።

አባት፦ እኔም ማመላለሻ ነው ያልኩት።

(ሙቀጫ። ረዘም ላለ ጊዜ። ከዚያ ጀበና ሲፈላ፣ ስኒ ሲቀዳ።)

ሰሚራ፦ አቦል። ይቀበሉኝ።

አባት፦ እጅሽ ይባረክ።

ሰሚራ፦ ቀጠነብዎት?

አባት፦ አልቀጠነም።

ሰሚራ፦ ፍሬው እኩል አይደለም። ትልቁ ሳይበስል ትንሹ አረረብኝ።

አባት፦ የዘንድሮ ዝናብ እንዲያ ነው።

(ውኃ ጀበና ውስጥ ሲጨመር።)

ሰሚራ፦ ጓሮው ብርሃን ሆኗል።

አባት፦ ዋንዛው አርጅቶ ነበር።

ሰሚራ፦ ከሥሩ ነበር የማጠናው።

አባት፦ አሁን መብራት ገብቷል። ቤት ውስጥም ይጠናል።

ሰሚራ፦ አዎ። መብራት አለ። ቶና፣ ይቀበሉኝ።

አባት፦ መቼ ነው የምትመለሺው? ሥራሽ እንዳይበደል።

ሰሚራ፦ አልቸኩልም። ፈቃድ ሰጥተውኛል።

አባት፦ ስንት ቀን?

ሰሚራ፦ ብዙ።

አባት፦ ብዙ ጥሩ ነው።

(ዝምታ። በረካው ሲቀዳ።)

ሰሚራ፦ በስንት ገዛኸው፣ አባ?

(ዝምታ።)

አባት፦ ግማሽ ኪሎ ነው።

(ዝምታ።)

አባት፦ ጠጣ እንጂ። ይበርድብሃል።

(ከውጭ ድምፅ፦ «ቤቶች! ቡና አለ?»)

አባት፦ አለ፣ አለ! ግቡ። ልጄ ናት፤ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጥታ ነው።

እዚህ ላይ ያበቃል። ሌላ ሁለት መስመር ጽፈን ነበር፤ ሰሚራ ስታለቅስ። አወጣነው። አባትየው ውሸቷን ተቀብሎ ለጎረቤት ከነገረላት በኋላ ለቅሶ የሚጨምረው ነገር የለም።

አንባቢ ልብ ካለ፣ ጥያቄ ሳይመለስ የተዘለለው ሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ ዕጣኑ ላይ፣ እሳቱ ላይና ግማሽ ኪሎው ላይ። የቀረው ጥያቄ ሁሉ መልስ አለው፣ አንዳንዱ መልስ ውሸት ቢሆንም። መጀመሪያ በየመስመሩ እንዲዘሉ አድርገን ነበር፤ ሁለት ደንቆሮዎች የሚያወሩ መሰለ። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ የማይመልሰው የሚያመውን ነው። ቀጥተኛው መልስ ካልበዛ የተዘለለው አይታይም። «ግማሽ ኪሎ ነው» የሚለውንም የመረጥነው ለዚህ ነው። ዋጋ ተጠይቆ መጠን መለሰ። አልካደም፤ አላመነምም። አልገዛሁም አለማለቱ ብቻ በቃው።

ሌላው ያወጣነው ነገር በቅንፍ የምንጽፋቸውን ማብራሪያዎች ነው። «በሐዘን ስሜት»፣ «እየተከዘ»፣ «ስሜቷን ለመደበቅ እየሞከረች» የሚሉ ሰባት ነበሩ። ስሜቷን ለመደበቅ እየሞከረች ብለን ከጻፍን ደብቃ አልተሳካላትም፤ እኛ አጋለጥናት። ሰባቱም ሲወጡ ሁለት ቦታ ላይ መስመሩ ባዶ ሆነ። ይህ ማለት ስሜቱን ተሸክሞ የነበረው ቅንፉ ነው፣ ንግግሩ አይደለም። እነዚያን ሁለት መስመሮች ብቻ እንደገና ጻፍን። አንዱ «ማመላለሻ» የሆነው ነው።

ከዚያ ሁለት ሰዎች ላይ ሞከርነው። አንዷ የአጋሮ ልጅ ናት፤ ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ ገና «ውይ!» አለች። ሌላው አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ጀንፈል አይቶ የማያውቅ ልጅ ነው። «ፌስታል ምን አለው?» አለን። የሚኒባሷን የስልክ ወሬ የጨመርነው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቅናቸው፤ «አባትየው ሥራ እንደሌላት ያወቀው መቼ ነው?» የአጋሮዋ መምህሩ ጋዜጣውን ያጣው ጊዜ ነው አለች። ልጁ «ብዙ» ስትለው ነው አለ። የተለያየ መልስ ስለሰጡ ደስ አለን። የተናገረውን ቃል ጠቅሰው «እዚህ ጋ ብሏል» ቢሉን ኖሮ በጣም ገልጠነዋል ማለት ነበር። «እሱ ያውቃል እንዴ?» ቢሉን ደግሞ በጣም ደብቀነዋል ማለት ነበር።

ቀረጻው ላይም አንድ ነገር ተማርን። አባቱን የተጫወተው ሰውዬ መጀመሪያ ሲያነበው ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ እያንዳንዷን ቃል ከረጢት ሙሉ ሐዘን አሸክሞ ነበር። ትዕይንቱ ሞተ። ጓደኛችን አቁማ «አባባ፣ ስለ ሐዘኑ አያስቡ። እንግዳ መጥቶብዎታል፤ ምንም እንዳይጎድልባት ብቻ ያስቡ» አለችው። በሁለተኛው ጊዜ ስለ ዕጣኑ የጠየቀው ስለ ዕጣን ነበር። ቴክኒሻኑ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ውጭ ወጣ። ሲጋራ አያጨስም።

አሁን «እኛ» ወዳልነው እንመለስ። ጋዜጣው የእኛ ነበር። ጓሮውም የእኛ ነው። በህዳር ሄደን ነበር፤ ፌስታሉም እውነት ነው፣ መደቡ ላይ፣ ሁለቴ ተቋጥሮ። እውነተኛው ወሬ ግን እንደ ትዕይንቱ ያማረ አልነበረም። አብዛኛው ስለ ቆጣሪ ነው፤ ቆጣሪው ተበላሽቶ ሊቀይሩለት የሚመጡ ሰዎች ስለመቅረታቸው። «በስንት ገዛኸው?» አላልንም። አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም «ይቀበሉኝ» እያልን ጨረስን። ሰሚራ ያንን መስመር ያገኘችው እኛ ስላልተናገርነው ነው።

ባለፈው እሑድ ደወልን። «ሥራ እንዴት ነው?» አለ። «ደህና ነው፣ አባ» አልን። «ቡናውስ?» አልን። «ደህና ነው» አለ። ስለ ቆጣሪው ጠየቅነው፤ ተቀይሯል። መቼ እንደምንመጣ ጠየቀን፤ ለበዓል አልነው። ሊዘጋ ሲል «በል፣ ራስህን ጠብቅ» አለ።

ስልኩን ለትንሽ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ።